ስሙን ሸፍኖ የደንበኛን ምስጋና መለጠፍ፦ ፈቃድ ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም?

የሳሮን ጥያቄ፦ «ደንበኞች በቴሌግራም ኢንቦክስ የሚልኩልንን ምስጋና ስክሪንሾት አንስተን፣ ስማቸውንና ፎቷቸውን ሸፍነን ቻናላችን ላይ እንለጥፋለን። ስሙ ካልታየ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው? ሁሉም እንዲሁ እያደረገ አይደል?»

ቢኒያም፦ ግድ አይደለም ባይ ነኝ። ፈቃድ የሚያስፈልገው ሰውየው ከታወቀ ነው። ስም፣ ፎቶና ስልክ ከተሸፈነ የቀረው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? ደግሞ ሰው ደስ ብሎት በጻፈ ማግስት የውል ወረቀት ይዞ መምጣት ምስጋናውን ማቀዝቀዝ ነው።

ሜሮን፦ ቢኒ፣ ግማሹ ልክ ነው። ማንነቱ ጨርሶ ከጠፋ ጽሑፉ የግል መረጃ መሆኑ ይቀራል፤ የአውሮፓው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ጂዲፒአርም የሚለው ይህንኑ ነው። ክርክሩ «ሸፈንኩት» ያልከው በእርግጥ ተሸፍኗል ወይ የሚለው ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸፍነው በስልኩ ማርከር ነው። ጥቁር መርጦ ሁለት ሦስቴ ይሞነጭርበታል፣ ለዓይን የጠፋ ይመስላል። ማርከሩ ግን ብዙውን ጊዜ አሳላፊ ነው። ምስሉን ያወረደ ሰው ብርሃኑን ከፍ ሲያደርገው ስሙ ከሥር ብቅ ይላል። ቆርጦ መጣልም ያታልላል። በ2023 በጎግል ፒክስል ስልኮች የምስል ማረሚያ ማርክአፕ እና በዊንዶውስ የስክሪን መቁረጫ ላይ የተገኘው ክፍተት፣ የተቆረጠው ክፍል ፋይሉ ውስጥ ሊቀር እንደሚችል አሳይቷል። ክፍተቱ ተደፍኗል፤ ከዚያ በፊት ተቆርጠው እንደ ፋይል የተላኩ ምስሎች ግን እንደነበሩ ናቸው። እንደ ፎቶ ከላክኸው ቴሌግራም ራሱ ምስሉን እንደገና ስለሚያሳንሰው ትርፉ ይጣላል።

መሸፈን ካስፈለገ ብለሩንም ማርከሩንም ትቶ ድፍን አራት ማዕዘን ማሳረፍ፣ ከዚያ የተሸፈነውን ምስል እንደገና ስክሪንሾት አንስቶ ሁለተኛውን መለጠፍ ነው። ከላይ ያለው ስም ተሸፍኖ፣ መልስ የተሰጠበት መልእክት አናት ላይ ያው ስም በትንሹ ተጽፎ የሚቀርበት ጊዜም ብዙ ነው። እሱን ማንም አያየውም፣ ከተለጠፈ በኋላ ካልሆነ።

ቢኒያም፦ እሺ፣ ይህ የአሸፋፈን ጉዳይ ነው። በደንብ ከተሸፈነስ?

ሜሮን፦ ያኔ ጽሑፉ ራሱ ይናገራል። ይህን መልእክት እንውሰድ፦

«ጫማው ደረሰኝ። መጀመሪያ ጠቦኝ ነበር፣ በ3 ቀን ቀይራችሁልኛል። ለልጄ ምረቃ አደረግሁት፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ እግሬን አላመመኝም። እህቴም ወዳዋለች፣ 37 ይኖራችኋል?»

ስም የለም። ግን ልጇን ያስመረቀች፣ በ3 ቀን ጫማ የተቀየረላት፣ እህት ያላት ሴት ናት። ለማያውቃት ሰው ማንም ናት፤ ለጎረቤቷና ለሥራ ባልደረባዋ ግን በአንድ ንባብ ትለያለች። ቅር የሚላት ደግሞ እነሱ ሲያዩት ነው፣ የማያውቋት ሺህ ሰዎች ሲያዩት አይደለም።

አቶ ጌታሁን፦ እኔ የምለው ሌላ ነው። ለምስክርነት ገንዘብ እየተከፈለ፣ ያልገዛ ሰው «በጣም አሪፍ ነው» እያለ እየጻፈ ገዢውን ያታልላል። ይህ መከልከል የለበትም? እናንተ በማርከር ትከራከራላችሁ።

ሜሮን፦ ጋሽ ጌታሁን፣ የሳሮን ጥያቄ እውነተኛ ምስጋናን ስለመለጠፍ ነው። ያነሱት ግን ቦታ አለው። የአሜሪካው ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ የሐሰት ምስክርነት መሸጥና መግዛት ተከልክሏል፤ «ጥሩ ከጻፍክ እንዲህ እሰጥሃለሁ» ማለትም እንዲሁ።

ዮናስ፦ ጋሽ ጌታሁን ሳያስቡት ዋናውን ነገር ነክተዋል። ስሙ የተሸፈነ ስክሪንሾት ከሐሰተኛው በምን ይለያል? ሁለተኛ ስልክ ያለው ሰው ለራሱ ምስጋና ጽፎ፣ ስሙን አጥቁሮ፣ በ2 ደቂቃ ይለጥፋል። ገዢውም ይህን ያውቃል። ሰው የሌላውን ምስክርነት የሚያምነው «እንደ እኔ ያለ ሰው ነው» ሲል ነው፤ ጥቁር አራት ማዕዘን እንደ ማንም አይደለም። ስለዚህ ፈቃድን እንደ ሕግ ጣጣ ብቻ ማየት ስህተት ነው። ስምና ሙያ ለመጻፍ የሚያስችልህ እሱ ነው፤ «ሰላማዊት፣ አስተማሪ» የሚል አንድ መልእክት ከአሥር የተሸፈኑ ይበልጣል።

ሳሮን፦ ይህ ገባኝ። ግን ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? «ልለጥፈው?» ስል አብዛኛው ዝም ይላል።

ዮናስ፦ ዝም የሚለው ጥያቄው ክፍት ስለሆነ ነው። የቱን፣ የት፣ በምን ስም፣ እስከ መቼ የሚለውን ራሱ እንዲያስብ ትተሽለታል። የሚወጣውን ነገር አዘጋጅተሽ ላኪለት፣ እሱ አንድ ቃል ብቻ እንዲመልስ። ለጫማዋ ደንበኛ እንዲህ ይሆናል፦

«ሰላም ወይዘሮ ሰላማዊት፣ ትናንት ስለ ጫማው የጻፉልንን ለሌሎች ደንበኞች ማሳየት ፈልገን ነበር። የሚወጣው ይህ ብቻ ነው፦ ‹መጀመሪያ ጠቦኝ ነበር፣ በ3 ቀን ቀይራችሁልኛል። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ እግሬን አላመመኝም።› ስምዎ ‹ሰላማዊት፣ አስተማሪ› ተብሎ ይጻፋል፣ ፎቶ አይኖርም። በቴሌግራም ቻናላችን ለ12 ወር ይቆያል፤ ለሚከፈልበት ማስታወቂያ አንጠቀምበትም። ባይፈልጉ ምንም ችግር የለም። በኋላ ሐሳብዎን ቢቀይሩም ‹አንሱት› ብለው እዚሁ ይጻፉልን፣ በ2 ቀን ውስጥ እናነሳዋለን። ከተስማሙ ‹እስማማለሁ› ብለው ይመልሱልን።»

ምኑ እንደተቆረጠ እዪ። ምረቃውና እህቷ ወጥተዋል፤ ልጇም እህቷም ፈቃድ አልተጠየቁም። «ጠቦኝ ነበር» የሚለው ግን ቀርቷል። ብዙ ሻጭ መጀመሪያ የሚሰርዘው እሱን ነው፣ እኔ ግን የመልእክቱ ዋጋ እዚያ ላይ ነው እላለሁ፤ ገዢው የሚፈራው ልክ አለመሆኑን ስለሆነ፣ መቀየሩን ሲያነብ ይረጋል። ስትቆርጪ ትርጉሙ እንዳይዞር ብቻ ተጠንቀቂ። «ቆንጆ ነው ግን ዘግይቷል» ያለን ሰው «ቆንጆ ነው» ላይ ማቆም እሱ ያላለውን ማስባል ነው።

ደግሞ ጥያቄውን ከቅናሽ ወይም ገንዘብ ከመመለስ ጋር በአንድ መልእክት አታያይዢው። የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው «እምቢ» ማለት ይከብደዋል። ከምስጋናው በኋላ ባሉት 1 ወይም 2 ቀናት ጠይቂ፣ መልስ ከጠፋ በ5ኛው ቀን አንዴ አስታውሺ፣ ከዚያ ተዪው። ዝምታ ፈቃድ አይደለም።

ቢኒያም፦ አውራ ጣት ብቻ ቢልክስ? 👍 መልስ ነው አይደለም?

ዮናስ፦ ከላይ ያለው ዓይነት ዝርዝር ጥያቄ ሥር ከመጣ፣ ለቻናል ልጥፍ እኔ እቀበለዋለሁ።

ሜሮን፦ እኔ አልቀበለውም። አውራ ጣት «አየሁት» ማለትም ነው። በጂዲፒአር አንቀጽ 7 ፈቃድ መኖሩን የማሳየት ሸክሙ በጠያቂው ላይ ነው፤ «አየሁት ማለቴ ነበር» ብትል በምን ታሳያለህ? «አመሰግናለሁ፣ እንግዲህ ልለጥፈው?» ብሎ አንድ ቃል ማስጻፍ ምን ያከብዳል?

ዮናስ፦ ሁለቴ የተጠየቀ ሰው ይሰለቻል። እዚህ ላይ አንስማማም።

ሜሮን፦ ይሁን። ማስረጃው ግን አይዘለል። በቴሌግራም የግል ንግግር ሁለቱም ወገን መልእክትን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ ደንበኛዋ ንግግሩን ካጸዳች «እስማማለሁ» ያለችውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በዕለቱ ጥያቄውና መልሱ አንድ ላይ ከነቀኑ የሚታይበት ስክሪንሾት ይቀመጥ። አጠገቡ አንድ መዝገብ፦ የተፈቀደው ቃል፣ የተፈቀደበት ቦታ፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የተለጠፈበት ሊንክ። የመጨረሻዋን ዓምድ ሰው ይተዋታል፣ «አንሱት» ሲባል ግን ልጥፉ የት የት እንዳለ የሚነግርህ እሷ ናት። ከቻናሉ ብታጠፋውም ሌሎች ያስተላለፉት ቅጂ አይጠፋም፤ ይህንም ለጠየቀ ደንበኛ አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ሕሊና፦ የእኔ ትንሽ ለየት ይላል፣ የፊት ቅባት ነው የምሸጠው። ደንበኞች «በፊትና በኋላ» ፎቶ ይልኩልኛል፤ ዓይናቸውን ሸፍኜ እለጥፋለሁ። አንዳንዶቹ ራሳቸው በስቶሪያቸው ለጥፈው ታግ አድርገውኛል፣ ያ ፈቃድ አይሆንም?

ሜሮን፦ ታግ ማድረግ «ተመልከቺው» ማለት ነው። የገጹን የማጋሪያ ቁልፍ ተጭኖ በስሟ ማሳለፍ ይቻል ይሆናል፤ ፎቶውን አውርዶ በራስ ማስታወቂያ ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የፎቶው ባለመብት ደግሞ ያነሳው ሰው ነው፤ ጓደኛዋ አንስቷት ከሆነ የእሷ «እሺ» ብቻ አይበቃም። ዓይን መሸፈኑን እርሺው፣ አገጭና ጠባሳ የሚያውቅ ያውቃል። የቆዳ ሕመም የሚታይበት ፎቶ የጤና መረጃም ስለሚሆን ፈቃዱ ግልጽና የተጻፈ ይሁን። ሌላው ደግሞ ውጤቱ ነው፤ በጣም የተለወጠችውን አንዷን ብቻ ብትለጥፊ ሁሉም እንደዚያ ይሆናል ማለትሽ ነው። «ውጤት ከሰው ሰው ይለያያል» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ከሥር ማድረግ በአሜሪካ ከ2009 ወዲህ እንደ ማምለጫ አይቆጠርም፤ አብዛኛው ሰው የሚያገኘው ምን እንደሆነ መጻፍ ይጠበቃል።

ሕሊና፦ የአብዛኛውን ለመጻፍ እኮ የአብዛኛውን ማወቅ ያስፈልጋል። የሚጽፍልኝ የተደሰተው ብቻ ነው።

ሜሮን፦ እሱን ካላወቅሽ ፎቶውን ትተሽ ስለ ሽታው፣ ስለ መድረሻ ጊዜው፣ ስለ አያያዝሽ የተናገሩትን ለጥፊ። ያ ስለ ውጤት ቃል አይገባም።

ሳሮን፦ ቻናሉ ላይ 60 ያህል የቆዩ የተሸፈኑ ስክሪንሾቶች አሉኝ። የአንዳንዶቹ ባለቤት ማን እንደሆነ እኔም ረስቻለሁ። ምን ላድርጋቸው?

ቢኒያም፦ ተያቸው። ማንም አልከሰሰሽም።

ሜሮን፦ ባለቤቱን የማታውቂውን አጥፊ፣ መጠየቅ ስለማትችዪ። የምታውቂያቸውን ግን የዮናስን መልእክት አሁን ላኪላቸው፤ «ቀድመን ለጥፈነው ነበር» ብለሽ ሳትደብቂ።

ዮናስ፦ 60ውንም በአንድ ቀን አትጠይቂ። በማርከር የተሸፈኑትንና የሰው ሕይወት የሚነካ ነገር ያለባቸውን ዛሬ አንሺ፣ የቀሩትን በሳምንት 10 እያልሽ ጠይቂ። ቢኒ የሚለውን እኔ አላደርገውም፣ ቢኒም እኔ የምለውን እንደማያደርግ አውቃለሁ።

ቢኒያም፦ ማርከሩን ግን አሁን ሄጄ አየዋለሁ።