«ይወጣና ያልቃል» በተባለው ላይ የተነሣ ክርክር

ዘውዱ፦ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናት ሴት የወር አበባዋ ከበዛና ከባድ ሕመም ካለው ማዮማ የሚባለው የማህፀን ዕጢ ነው። ማዮማ ደግሞ ይወጣና ያልቃል፤ ሴቶቻችን ቀዶ ሕክምናን ፈርተው ለምን እንደሚሰቃዩ አይገባኝም።

ሶስና፦ ይህን ሳነብ አንጀቴ አረረ። እኔ አስወጥቻለሁ፤ ግን አላለቀም። ሁለተኛ ልጄን በቀዶ ሕክምና ከወለድሁ በኋላ፣ 36 ዓመት ሲሆነኝ፣ የወር አበባዬ ስምንት ቀን ይቆይ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አንድ ሞዴስ አንድ ሰዓት አያቆየኝም ነበር፤ ሌሊት ፎጣ አንጥፌ ነበር የምተኛው። ሕመሙ ደግሞ ደሙ ከመምጣቱ ሦስት ቀን ቀድሞ ይጀምርና ወገቤንና ጭኔን ይይዘኛል። በሆድ ላይ በተደረገልኝ አልትራሳውንድ በማህፀኔ ውጫዊ ገጽ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ማዮማ ታየና «ምክንያቱ ይኸው ነው» ተባልሁ። ወጣልኝ። በሦስተኛው ወር ሕመሙም ደሙም እንደነበረው ተመለሰ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ምን ወጥቶ ምን እንዳለቀ ይንገሩኝ።

ዘውዱ፦ እኅቴ፣ ስለደረሰብዎት አዝናለሁ፤ ነገር ግን ቃሌ ስህተት አይደለም። ማህፀን እስካለ ድረስ ማዮማ እንደገና ሊበቅል እንደሚችል የታወቀ ነው። የእርስዎም ተመልሶ በቅሎ ይሆናል። ታላቅ እኅቴ የዛሬ ስድስት ዓመት አምስት ማዮማ አስወጥታ እስከ ዛሬ ድረስ ደኅና ናት።

ፀዳለ፦ በማህፀንና ጽንስ ክፍል ለብዙ ዓመታት አልትራሳውንድ ሳነሣ ኖሬአለሁና ልግባበት። ማዮማ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል ማለትዎ እውነት ነው፤ ነገር ግን በሦስት ወር ውስጥ አድጎ እንዲህ ያለ ደምና ሕመም ማምጣቱ አይመስለኝም። ከዚያ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ ያ የወጣው ማዮማ ከመጀመሪያው ጥፋተኛ ነበር ወይ? ማዮማ ደም የሚያበዛው በዋናነት ወደ ማህፀኑ ክፍት ቦታ ሲገባ ወይም ያንን ቦታ ሲገፋው ነው። በውጫዊው ገጽ ላይ የተቀመጠ ባለ 3 ሴንቲ ሜትር ማዮማ ብዙ ጊዜ ሴቲቱ ሳታውቀው የሚኖር ነገር ነው። የሶስና ታሪክ ደግሞ ሕመሙ ከደሙ መቅደሙ፣ ከወሊድና ከቀዶ ሕክምና በኋላም መጀመሩ አዴኖማዮሲስ የሚባለውን ሌላ የማህፀን ሕመም ያሳስበኛል።

ዘውዱ፦ ስሙ ቢለያይም ሁለቱም በማህፀን ውስጥ የበቀለ ነገር አይደለም እንዴ? የበቀለ ነገር ደግሞ ይነቀላል።

ፀዳለ፦ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ማዮማ ከማህፀን ጡንቻ የሚነሣ፣ ዳር ያለው፣ የተጠቀለለ ዕጢ ነው፤ ሐኪሙ የአቮካዶ ፍሬ እንደሚወጣ ከዙሪያው ፈልቅቆ ያወጣዋል። አዴኖማዮሲስ ግን ዕጢ አይደለም። በየወሩ የሚፈርሰው የማህፀን የውስጥ ሽፋን ወደ ጡንቻው ዘልቆ ገብቶ በመካከሉ የሚኖርበት ሕመም ነው፤ በዱቄት ውስጥ እንደተበተነ በርበሬ አድርገው ያስቡት። ያ ሽፋን በየወሩ እዚያው በጡንቻው ውስጥ ሲያብጥና ሲደማ ጡንቻው ይቆጣል፣ አጥብቆም ይኮማተራል፤ ሕመሙ ከዚያ ነው። ማህፀኑም በጥቅሉ ይወፍራል፤ ሲነካ ለስለስ ያለና የሚያምም ይሆናል። ማዮማ ያለበት ማህፀን ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራና ጎርበጥባጣ ነው። በርበሬውን ከዱቄቱ ፈልቅቀው ያውጡልኝ ቢባሉ ከየት ይጀምራሉ?

እትዬ ብርሃኔ፦ ልጆቼ፣ እኔም በኮረዳነቴ የወር አበባ ሲመጣብኝ መሬት ላይ እንከባለል ነበር። እናቴ «ስትወልጂ ይተውሻል» ብላኝ እንዳለችውም የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ተወኝ። ሶስናም ጊዜ ትስጠው።

ሶስና፦ እትዬ፣ ምክርዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን እኔ ሁለት ወልጃለሁ። በልጅነቴ የወር አበባዬ አምስት ቀን ቆይቶ ያለ ሕመም ያልፍ ነበር፤ ሕመሙ የመጣው ከወለድሁ በኋላ ነው።

ፀዳለ፦ የእትዬ ብርሃኔ ሕመም ከመጀመሪያዎቹ የወር አበባ ዓመታት አንሥቶ የሚመጣውና ብዙ ሴቶችን በጊዜ የሚለቀው ዓይነት ይመስለኛል። ደኅና የነበረች ሴት ከሠላሳ በኋላ አዲስ ሕመም ሲጀምራት ግን ምክንያት ይፈለግለታል እንጂ አይጠበቅም። ሶስና፣ አልትራሳውንዱ የተነሣው በሆድ ላይ ብቻ ነበር?

ሶስና፦ ያኔ በሆድ ላይ ብቻ ነበር። ባለፈው ወር ሌላ ቦታ ሄጄ በብልት በኩል ተነሣሁ፤ የኋላው ግድግዳ ከፊተኛው እጥፍ ያህል ወፍሮ፣ በጡንቻው ውስጥ ትናንሽ ፈሳሽ የያዙ ከረጢቶች እንዳሉበት ተጽፎልኛል። የደሜ መጠን፣ ሂሞግሎቢኔም፣ ወደ 8 ወርዶ ነበር። «አዴኖማዮሲስ ይመስላል» የሚለውን ቃል ያየሁት ያኔ ነው።

ፀዳለ፦ የጻፉልሽ ልክ ከምጠብቀው ጋር ይሄዳል። ማዮማ ቢሆን ኖሮ ዳሩ ጎልቶ ይታይ፣ የደም ሥሮቹም ዙሪያውን ይከቡት ነበር፤ በአዴኖማዮሲስ ግን ዳሩ አይለይም፣ የደም ሥሮቹም በመካከሉ ያልፋሉ። በሆድ ላይ ብቻ ሲታይ ይህ በቀላሉ ያመልጣል። ሆኖም ሁለቱ በአንዲት ሴት ማህፀን አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነውና፣ ማዮማ የታየ ጊዜ ፍለጋው መቆም አልነበረበትም።

ዘውዱ፦ እንግዲያውስ «በርበሬ» ያሉት ምሳሌ ራሱ ጎደሎ ነው። አዴኖማዮሲስ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ዕጢ መስሎ እንደሚታይ አንድ ሐኪም ነግሮኛል። የተሰበሰበ በርበሬ ደግሞ ይለቀማል።

ፀዳለ፦ ይህ እውነት ነው፤ እንዲህ ያለው አለ፣ በማዮማም ብዙ ጊዜ ይሳሳቱበታል። ግን ሐኪሙ ሲከፍት የሚፈልቀቅበት ዳር አያገኝም፤ ከጤናማው ጡንቻ ጋር ቆርጦ ነው የሚያወጣው፣ ደሙም ይበዛል። ገና መውለድ ለምትፈልግ ሴት ደግሞ የተሰፋው ግድግዳ በእርግዝና ጊዜ የሚሳሳበት ስጋት አለ።

ማርታ፦ በውጭ አገር ነው የምኖረው፣ 41 ዓመቴ ነው። ለእኔ የሰጡኝ ሆርሞን የሚለቅ ሉፕ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ጠብ ጠብ የሚል ደም አስቸግሮኝ ነበር፤ አሁን ግን ደሙ ቀርቷል ማለት እችላለሁ። ሶስናም ይህን ትሞክር።

ዘውዱ፦ ሉፕ መካን ያደርጋል የሚባለውን ሳታስቡ ለሰው አትምከሩ።

ማርታ፦ ይህን በመስማት ነው እኔም ሦስት ዓመት ያለ ምክንያት የተሠቃየሁት። ሉፑ ከወጣ በኋላ መውለድ ይቻላል፤ ይህን ወሬ እባክዎ አያሰራጩብን።

ፀዳለ፦ ማርታ ትክክል ናት፤ ለአዴኖማዮሲስ ከሚሰጡት ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ግን ማዮማ ወደ ማህፀኑ ክፍት ቦታ ገብቶ ቅርጹን ካበላሸው ሉፑ በራሱ ተንሸራትቶ ሊወጣ ይችላልና አስቀድሞ ይታይ። ሁሉን ነገር በቁርጥ የሚጨርሰው ማህፀንን ማስወጣት ነው፤ እርሱም መውለድ ለጨረሰችና ሌላው ላልረዳት ሴት እንጂ የመጀመሪያ አማራጭ አይደለም።

ምሕረት፦ በዚህ አልስማማም። ልጅ ለማግኘት የምትሞክር ሴት በሉፕ ምን ታደርጋለች? የተሰበሰበው አዴኖማዮሲስ በልምድ ባለው እጅ ተቆርጦላት ከዚያ በኋላ የወለደች ሴት አውቃለሁ።

ፀዳለ፦ አንዲት ሴት መውለዷን አልክድም፤ ሥራው ግን የሚያውቀው እጅ ይጠይቃል፣ ሁሉም ቦታም አይገኝም። በእርሱ ላይ እኔም ከባልደረቦቼ ጋር ዛሬም እከራከራለሁ።

ዘውዱ፦ እኔ ስለ ማዮማ ያልሁትን አልመልስም፤ የእኅቴን ጤና በዓይኔ አይቻለሁ።

ሶስና፦ የእኅትዎን ጤና እግዚአብሔር ያጽናላት። እርስዎ ግን «ማዮማ ነው» ብለው የጀመሩት ለሁላችንም ነበር። እኔም አንድ ጊዜ በሆዴ ላይ አይተው «ይኸው ነው» ያሉኝ በዚያው ቃል ነው። የፊታችን ማክሰኞ ለሉፑ ቀጠሮ አለኝ፤ እስከዚያ የብረት ኪኒኔን እየወሰድሁ ነው።