ሎግፍሬሙ ተመለሰብኝ፤ ተቅማጡን የት ላስቀምጠው?

ሰብለ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሦስት ቀበሌ ምንጭ ለማጎልበት ያስገባነው ፕሮፖዛል በሎግፍሬሙ፣ ማለትም በዕቅድ ሠንጠረዡ፣ ምክንያት ተመለሰ። ውፅዓት ያልኩት «ለ3 የውሃ ኮሚቴዎች ስልጠና መስጠት»፣ ውጤት ያልኩት «የሕፃናት ተቅማጥ በ40% መቀነስ»፣ ማረጋገጫው «የጤና ኬላ ሪፖርት» ነው። አስተያየቱ «ደረጃዎቹ ተዘበራርቀዋል፣ አመልካቹም አይረጋገጥም» ይላል። አርብ መልሼ ማስገባት አለብኝ፤ ምን ላስተካክል?

ዳዊት፦ ቁጥር አንሶሽ ነው። በየመስመሩ መቶኛና ቀን ጨምሪበት፣ ያልፋል።

ጋሽ መኮንን፦ ቀኑስ ይሁን፤ መቶኛው ግን ከምን ተነስቶ? የ40ው መነሻ የት አለ?

ሰብለ፣ ስልጠናውን ወደ «ተግባር» ረድፍ አውርጂው። ውፅዓት ሥራው ሲያልቅ ቆሞ የሚታየው ነው፦ «3 ምንጮች ጎልብተው፣ ውሃቸው ተመርምሮ ለኮሚቴዎቹ ተላልፈዋል»። ማረጋገጫው የርክክብ ሰነድና የላቦራቶሪ ውጤት ይሆናል። ውጤት የምትዪው ደግሞ ሰዉ ሲጠቀምበት ነው፦ «በበጋም ጭምር የመጠጥ ውሃቸውን ከጎለበተው ምንጭ ብቻ የሚቀዱ አባወራዎች ድርሻ»። ወረፋ ሲረዝም እናቶች ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ አመልካቹ ይህን መያዝ አለበት። ተቅማጡን ወደ ግብ ውሰጂው። እዚያ ፕሮጀክቱ ያግዛል እንጂ ብቻውን አይጠየቅበትም።

የጤና ኬላ መዝገብ የታመመውን ሳይሆን የመጣውን ነው የሚቆጥረው። የጤና ኤክስቴንሽኖቹ ቤት ለቤት ቀስቅሰው እናቶች መምጣት ቢጀምሩ ቁጥሩ ያድጋል፤ ታዲያ ፕሮጀክትሽ ከሸፈ ሊባል ነው? ይልቅ ቤት ለቤት ጠይቂ፦ «ባለፉት 2 ሳምንታት ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ተቅማጥ ይዞት ነበር ወይ?» መነሻውም መጨረሻውም በአንድ ዓይነት ወር ይሁን። መነሻውን ሐምሌ፣ መጨረሻውን ጥር ካደረግሽው የወቅቱን ለውጥ የራስሽ ሥራ አድርገሽ ታቀርቢዋለሽ። ለጥናቱ በጀቱ ላይ መስመር ከሌለ ደግሞ ማረጋገጫው ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ሐና፦ እኛ በንብ ማነብ ፕሮጀክታችን ማረጋገጫውን «የወረዳ መዝገብ» ብለን ነበር። ባለሙያው ሲዛወር መዝገቡ የት እንደገባ አልታወቀም፤ ማር አምራቾቹን አንድ በአንድ ዞረን ጠየቅን።

ሰብለ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ መኮንን። ስልጠናው ከወረደ ኮሚቴው መሥራቱን በምን ላሳይ?

ጋሽ መኮንን፦ በገንዘብ መዝገባቸው። የውሃ ክፍያ የተሰበሰበባቸውን ወሮችና ከዚያው ገንዘብ የተከፈለ የጥገና ወጪ እዪ። ቃለ ጉባኤ ብቻውን አትመኚ፤ የስድስት ወሩ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ ተጽፎ አይቻለሁ።

ዳዊት፦ ለጋሹ ተቅማጡ ውጤት ላይ ካልሆነ አልቀበልም ቢልስ? እኔን ገጥሞኛል።

ጋሽ መኮንን፦ ያጋጥማል። እኔ ያኔ በመቶኛው ፋንታ «ዒላማው ከመነሻ ጥናቱ በኋላ ይወሰናል» ብዬ እጽፋለሁ። የተቀበለኝም አለ፣ የመለሰብኝም አለ።

ሰብለ፦ እንግዲያው ነገ ጠዋት ለፕሮግራም ኦፊሰሯ ደውዬ ከጠየቅኳት በኋላ ነው ሠንጠረዡን የምነካው።