የወርቅ ሪፖርት ላይ አቅርቦትና ፍላጎት እኩል ናቸው፤ ታዲያ ዋጋው ለምን ጨመረ?

ሰሚራ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሂርማታ አጎቴ ወርቅ ቤት ነው የምሠራው። የዓለም ወርቅ ካውንስል ያወጣውን የ2024 (እ.ኤ.አ.) ዓመታዊ ሪፖርት አውርጄ ሠንጠረዡ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። ጠቅላላ አቅርቦት 4,974 ቶን ይላል። ጠቅላላ ፍላጎትም 4,974 ቶን። ምንም ካልጎደለ፣ ምንም ካልተረፈ ዋጋው እንዲያ የተተኮሰው ለምንድን ነው? ደግሞ ጌጣጌጥ ሁለት ቦታ ተጽፏል፤ አንዱ 2,003፣ ሌላው 1,877። የቱን ልያዝ?

የቡናው ሰው

ሰሚራ፣ እኔ ዕድሜዬን በቡና ነው የጨረስኩት። የቡና ሪፖርት ላይ እኛ መጀመሪያ የምናየው የመጨረሻውን መስመር ነው፤ ወደሚቀጥለው ዓመት የሚሻገረውን ክምችት። እሱ ካነሰ ዋጋ ይወጣል፣ ከበዛ ይወርዳል። የወርቁም ሪፖርት ላይ እንዲህ ያለ መስመር አይጠፋም፣ ደህና አድርገሽ ፈልጊ። ለማንኛውም አቅርቦቱ ከባለፈው ዓመት ጨምሯል አይደል? እንግዲያው ዋጋው መውረዱ አይቀርም። አትቸኩሉ።

መዝገቡ

ጋሼ፣ መጨረሻውን መስመር ማየቱ ላይ ልክ ነዎት። ግን ወርቅ ላይ የተሻጋሪ ክምችት መስመር የለም። በእሱ ፋንታ ያለው ሌላ ነገር ነው፣ የሰሚራም ጥያቄ መልስ እዚያ ነው ያለው።

ሰሚራ፣ ካልኩሌተርሽን አውጪ። መጀመሪያ አቅርቦት። ከማዕድን የወጣው 3,661 ቶን ነው። ከአሮጌ ወርቅ ቀልጦ የተመለሰው 1,370። ማዕድን አውጪዎች ቀደም ብለው በውል የሸጡትን ወርቅ ስላወራረዱ 57 ይቀነሳል። 4,974 ይመጣል።

አሁን ፍላጎት። ጌጣጌጥ 2,003፣ ኤሌክትሮኒክስና መሰል ኢንዱስትሪ 326፣ ኢንቨስትመንት 1,180፣ ማዕከላዊ ባንኮች 1,045። ደምሪው። 4,554 ነው የሚመጣው። ከአቅርቦቱ 420 ቶን ይጎድላል።

ያን 420 ቶን ሠንጠረዡ ላይ «OTC and other» በሚል ስም ታገኚዋለሽ። ማንም ቆጥሮት አይደለም። ከአቅርቦቱ የታወቀው ፍላጎት ተቀንሶ የተረፈው ነው እዚያ የገባው። ከገበያ ውጪ በቀጥታ የሚገዙ ባለሀብቶች፣ የምርት ገበያ መጋዘኖች ክምችት ለውጥ፣ ያልታየ የፋብሪካ ክምችት፣ የስሌት ስህተትም ጭምር፣ ሁሉም እዚያ ይከተታሉ። ስለዚህ ሁለቱ ድምሮች እኩል የሆኑት ገበያው ስለተመጣጠነ አይደለም። እኩል እንዲሆኑ ተደርገው ነው። የእነሱን እኩልነት አይተሽ ስለ ዋጋ ምንም ማለት አትችዪም።

የቡናው ሰው

ይሁንና አቅርቦት ሲጨምር ዋጋ መውረድ አለበት። ይሄ የትም ቢሆን የማይቀየር ሕግ ነው።

መዝገቡ

ጋሼ፣ ቡና ይጠጣል፣ ያልቃል። ወርቅ አያልቅም። እስካሁን ከመሬት የወጣው ወርቅ ካውንስሉ እንደሚገምተው ወደ 216,000 ቶን ይጠጋል፤ አብዛኛው ዛሬም በሰው አንገት፣ በካዝናና በባንክ ውስጥ አለ። በዓመት ከማዕድን የሚጨመረው የዚያን 1.7 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ዋጋውን በአብዛኛው የሚወስነው ይህን የቆየ ወርቅ የያዘው ሰው ነው፤ በስንት ቢመጡበት ይሸጣል? ዓመቱን ሙሉ ከአንዱ ካዝና ወደ ሌላው የተዘዋወረው ወርቅ ደግሞ ሠንጠረዡ ላይ አይታይም፤ የሚታየው የተጣራው ልዩነት ብቻ ነው። በ2024 አማካይ ዋጋው ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው 23 በመቶ ያህል ጨምሯል፣ አንድ ወቄት 2,386 ዶላር ሆኗል። አቅርቦትም አብሮ ጨምሯል። ሁለቱ አብረው መሄዳቸው አይገርምም።

ሰሚራ፣ ሁለቱ የጌጣጌጥ ቁጥሮች። «Jewellery fabrication» ፋብሪካና አንጥረኛ የሠሩት ነው፣ 2,003። «Jewellery consumption» ሰው ገዝቶ ቤቱ የወሰደው ነው፣ 1,877። ልዩነቱ 126 ቶን፣ ተሠርቶ ገና ያልተሸጠ፣ መደርደሪያ ላይ ያለ ማለት ነው። ድምሩ ውስጥ የሚገባው የመጀመሪያው ነው። ሁለቱንም ደምረሽ እንዳትሳሳቺ። የገዢውን ሁኔታ ማወቅ ከፈለግሽ ግን ሁለተኛውን ነው የምታዪው።

እታለም

ይቅርታ፣ ጥያቄው ውስጥ ጥያቄ ላስገባ። የእናቴ የአንገት ሀብል አለ፣ ባለ 21 ነው። ልሸጠው ወይስ ልጠብቅ? ሪፖርቱ ምን ይላል?

አንጥረኛው

እታለም፣ ሪፖርቱ ስለ እናትሽ ሀብል ምንም አይልም። ገንዘቡ ካላስቸገረሽ አስቀምጪው፣ ካስቸገረሽ ሁለት ሦስት ቤት አስመዝነሽ ሽጪ።

አንድ ነገር ግን ከሱቃችን ጋር የሚገናኝ አለና ልናገር፣ ሰሚራ ለአጎትሽም ይጠቅማል። ያ 1,370 ቶን አሮጌ ወርቅ የሚባለው፣ ሰው በጥሬ ገንዘብ የሸጠውና ተጣርቶ ተመልሶ የወርቅ ጡብ የሆነው ብቻ ነው። እኛ ጋር የሚበዛው ደግሞ ሌላ ነው። አንዲት እናት መጥታ የቆየ ቀለበቷን ሚዛን ላይ ታስቀምጣለች። «ይሄን ያዙና ለልጄ የጆሮ ጌጥ ስጡኝ» ትላለች። ግራም ከግራም ይቀናነሳል፣ የእጅ ዋጋ ትከፍላለች፣ ትሄዳለች። ያ ወርቅ ሪፖርቱ ላይ አሮጌ ወርቅ ተብሎ አይቆጠርም። በቀለበቷ የገዛችው የጆሮ ጌጥም አዲስ ግዢ ተብሎ አይቆጠርም። ጠረጴዛዬ ላይ የሚፈሰው ብናኝና ቁርጥራጭም እንደዚሁ፣ ለማጣሪያ ብንልከውም አይገባም።

ስለዚህ «የአሮጌ ወርቅ አልጨመረም፣ ሰው ወርቁን ይዟል» የሚል ስታነቡ ተጠንቀቁ። ዋጋው 23 በመቶ ጨምሮ ያ መስመር የጨመረው 11 በመቶ ብቻ ነው። ሰው ግን ዝም ብሎ ይዞ ላይሆን ይችላል። ልውውጥ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። ቁጥሩ ሁሉ በንጹህ ወርቅ ነው። ባለ 21 ካራት 10 ግራም ቀለበት እዚያ ሲገባ 8.75 ግራም ነው። ባለ 18 ደግሞ 7.5። የሱቃችሁን ደብተር ከሪፖርቱ ጋር ስታወዳድሪ ይሄን አትርሺ።

ቶፊቅ

ወርቅን አስይዞ መበደርም አለበት። ህንድ ላይ ሰው ችግር ሲገጥመው ሳይሸጥ ባንክ ወስዶ ያስይዛል። ስለዚህ የአሮጌው ወርቅ ቁጥር አነስተኛ ሆኖ ይታያል።

ለማንኛውም ዋናው ነገር ሌላ ነው። ኢንቨስትመንት 25 በመቶ ጨምሯል፣ ከ945 ወደ 1,180። ሰው ጡብና ሳንቲም ለመግዛት እየተጋፋ ነው። ዋጋውን ያስወጣው ይሄው ነው።

መዝገቡ

ቶፊቅ፣ ስለ ህንዱ ልክ ነህ። ኢንቨስትመንቱን ግን ዘርዝረህ እየው። ጡብና ሳንቲም በ2023 1,190 ቶን ነበር፣ በ2024 1,186። አልጨመረም ማለት ይቻላል። የተቀየረው አክሲዮን ገበያ ላይ የሚሸጠው፣ በካዝና ባለ ወርቅ የተደገፈው ፈንድ ነው። በ2023 ከእነሱ 244 ቶን ወጥቶ ነበር። በ2024 የወጣው 7 ቶን ያህል ብቻ ነው። ያ 25 በመቶ የመጣው ሻጮቹ መሸጥ ስላቆሙ እንጂ አዲስ ገዢ ስለተጋፋ አይደለም። ዋጋውን አልነካም እያልኩ አይደለም፤ ሻጭ ሲጠፋም ዋጋ ይወጣል። አነጋገሩ ግን ይለያያል።

ሰሚራ (ጅማ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። አንድ ነገር ግን አሁንም አልገባኝም። ጓደኛዬ ማዕከላዊ ባንኮች በ2024 ግዢ ጨምረዋል ትላለች፣ 1,037 የነበረው 1,045 ሆኗል ብላ። እኔ የያዝኩት ሪፖርት ላይ ደግሞ አንድ በመቶ ቀንሷል ይላል። ማን ነው የተሳሳተው?

መዝገቡ

ማንም አልተሳሳተም። እሷ 1,037ን የወሰደችው ከዓመት በፊት ከወጣው ሪፖርት ነው። አንቺ የያዝሽው ሪፖርት ላይ የ2023ን ዓምድ እዪ፣ 1,051 ያህል ሆኖ ተስተካክሏል። አንዳንድ ባንኮች ዘግይተው ያሳውቃሉ፣ አንዳንዶቹ ጨርሶ አያሳውቁም፣ ስለዚህ ግምትም ይገባበታል። የ2022ም ቁጥር መጀመሪያ 1,136 ተብሎ ነበር፣ በኋላ 1,082 ሆነ። ሁለት ዓመት ስታወዳድሪ ሁለቱንም ቁጥር ከአንድ ሪፖርት ላይ ውሰጂ። አለበለዚያ እንዲህ ጭማሪው ቅናሽ፣ ቅናሹ ጭማሪ ሆኖ ያርፋል።

ጌጣጌጡም ላይ ቶንና ብር እንዳይምታታብሽ። በቶን 11 በመቶ ቀንሷል። በዶላር ግን 9 በመቶ ጨምሯል። ራስሽ አስይው፤ አንድ ቶን 32,151 ወቄት ነው። በ1,877 አባዢው፣ 60 ሚሊዮን ወቄት ያልፋል። በ2,386 ዶላር ስታባዢው 144 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ይመጣል። ሰው ቀነስ ያለ ግራም በብዙ ገንዘብ ገዛ።

አንጥረኛው

ይሄ እኛ ሱቅም ያለ ነው። በፊት 15 ግራም ያዘዘች ሙሽራ አሁን 8 ትላለች። ሂሳቡ ግን አይቀንስም።

የቡናው ሰው

እሺ፣ ስለ ክምችቱ ተረታሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የእኛ ብሔራዊ ባንክ ከባህላዊ ወርቅ አምራቾች ይገዛል። ያ ግዢ ማዕከላዊ ባንኮች በሚለው መስመር ውስጥ ነው?

መዝገቡ

መስመሩ የተጣራ ለውጥ ነው፣ ገዝቶ ከሸጠው የተረፈው። ባንኩ ገዝቶ ወደ ውጭ ከላከው በዚያ መስመር አይገባም፣ የሚታየው ከማዕድን በወጣው ውስጥ ነው። በመጠባበቂያ ካስቀመጠው ግን ይገባል።

ቶፊቅ

በድንበር ሾልኮ የሚወጣውስ? እሱ የማን ምርት ሆኖ ነው የሚመዘገበው?

መዝገቡ

የባህላዊ አምራቾች ምርት አብዛኛው በግምት ነው የሚገባው። የጎረቤት አገር ኤክስፖርት ከምርቱ በላይ ሲያብጥ ሪፖርቱን የሚያዘጋጁት አንዳንዴ ይጠረጥራሉ። እያንዳንዷን ኪሎ ወደ መጣችበት አገር መልሰው ያስገቧታል ወይ ብትለኝ ግን፣ አይመስለኝም።