መስመር ስቆርጥ አንድ ነጥብ ብቻውን ቢቀርስ?

ሰላም ለሁላችሁ። ቢያንስ 2 ነጥብ ያለው ዛፍ ሁሉ ቢያንስ 2 ቅጠል እንዳለው በኢንዳክሽን ላረጋግጥ ብዬ መሃል ላይ ቆምኩ። ዛፍ የምለው ነጥቦቹ ሁሉ በመስመር የተያያዙበትን፣ ዙር የሌለውን ግራፍ ነው፤ ቅጠል የምለው ደግሞ አንድ መስመር ብቻ የሚነካውን ነጥብ ነው።

መጀመሪያ n ነጥብ ባለው ዛፍ ላይ አዲስ ቅጠል ቀጠልኩ። መምህሬ ግን «n+1 ነጥብ ያለው ዛፍ ሁሉ እንዲህ እንደሚገኝ በምን አወቅህ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያንን ለማለት ቅጠል መኖሩን አስቀድሜ ማመን አለብኝ።

አሁን ከትልቁ ዛፍ uv የሚባል መስመር እቆርጣለሁ። ሁለት ትናንሽ ዛፎች ይወጣሉ። ሁለቱም ቢያንስ 2 ነጥብ ካላቸው፣ መስመሩን ስመልስ ከየጎኑ ቢያንስ አንድ ቅጠል ይተርፋል። የከበደኝ u ብቻውን ሲቀር ነው፤ a-b-c ላይ ab ስቆርጥ a እንደምትቀረው። መስመሩ ሲመለስ u ራሱ ቅጠል ይሆናል ማለት ይበቃል? ወይስ የዘለልኩት ነገር አለ?