ጥቆማ፦ ስልክና ላፕቶፕ ላይ እኩል የሚሄድ የመልእክት አፕ የቱ ነው?

ሰነድ ተርጓሚ
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ትርጉም ነው። ደንበኞች ፋይል የሚልኩልኝ በስልክ ነው፤ የምሠራው ግን ላፕቶፕ ላይ ነው። አሁን የምጠቀምበት የመልእክት አፕ በዚህ በኩል አሰልችቶኛል። ስሙን ልተወው። ስልኬ ላይ ከአንድ ደንበኛ ጋር የተጻጻፍነው ሁሉ አለ። ላፕቶፑ ላይ ግን ወደ ላይ ስሄድ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ በፊት የተጻፈው የለም። የቆየ ፒዲኤፍ ስነካ ክቧ ትሽከረከርና ትቆማለች። ዛሬ የተላከ ነገር ግን ሁለቱም ላይ ወዲያው ይገባል። ኢንተርኔቴ ደህና ነው። ከቴሌግራም፣ ከዋትስአፕና ከሲግናል ለእንደኔ ዓይነት ሥራ የቱን ትመርጡልኛላችሁ? የምትጠቀሙበትን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ቶሎ መላሽ
ቴሌግራም። ሌላ አትፈልጊ። አሁን ያለሽ አፕ ሲንክ አላደርግ ካለ ደግሞ ስልኩም ላፕቶፑም ላይ ሎግ አውት አድርጊና እንደገና ግቢ። ሁሉም ነገር ከሰርቨር ተመልሶ ይወርዳል።

ጥገና ቤት
ቴሌግራም ባልከው እስማማለሁ። ሁለተኛው ምክር ግን ያስፈራኛል። እህቴ፣ እባክሽ ስልኩ ላይ ምንም ሳትነኪ መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

ዋናው ጥያቄ የድሮው መልእክት የተቀመጠው የት ነው የሚለው ነው። ቴሌግራም ላይ ተራው ውይይት ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው። ስልክሽም ላፕቶፕሽም የሚያነቡት ከዚያው ከአንድ ቦታ ነው። ስልኩ ቢጠፋ፣ ቢሰበር፣ ላፕቶፑ ግድ የለውም። ከዓመታት በፊት የተላከ ፋይል አዲስ ላፕቶፕ ላይ ፈልገሽ ታወርጂዋለሽ።

ዋትስአፕ የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። መልእክቱ ከደረሰሽ በኋላ ሰርቨሩ ላይ አይቆይም። ያልደረሰ መልእክትም የሚጠበቀው 30 ቀን ብቻ ነው። የድሮው ታሪክሽ ያለው ስልክሽ ውስጥ ነው ማለት ነው። ላፕቶፑን በኪውአር ኮድ ስታገናኚ ስልኩ የቅርብ ጊዜውን ውይይት ቆልፎ ይልክለታል። ላፕቶፕ ላይ ታሪኩ አንድ ቦታ ላይ የሚቆመውም ለዚህ ነው። ከተገናኙ በኋላ የሚመጣው አዲስ መልእክት ግን ለሁለቱም ለየብቻ ይደርሳል። አንቺ የጻፍሽው ምልክት፣ ማለትም አዲሱ እኩል የሚገባ፣ አሮጌው የሚጎድል፣ የዚህ ዓይነት አፕ ጠባይ ነው።

ስለዚህ ስልኩ ላይ ያለባክአፕ አፑን ማጥፋት ማለት ዋናውን ቅጂ ማጥፋት ነው። ተመልሶ የሚወርድበት ሰርቨር የለም።

ቶሎ መላሽ
እኔ ቴሌግራም ላይ ስንቴ ሎግ አውት አድርጌ ገብቻለሁ። አንድም ነገር ጎድሎብኝ አያውቅም።

ጥገና ቤት
ልክ ነህ፣ ቴሌግራም ላይ ተራው ውይይት አይጎድልም። ሚስጥራዊ ውይይት ግን ይጎድላል። እሱ የሚኖረው በተጀመረበት መሣሪያ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሎግ አውት ካደረግክ ይጠፋል። የዊንዶውስ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ከነጭራሹ አይታይም። ብዙ ሰው «ላፕቶፔ ላይ አንድ ሰው ጠፋብኝ» ብሎ የሚመጣው በዚህ ነው። ስልኩ ላይ ስሙ አጠገብ የጓጉንቸር ምልክት ካለ ሚስጥራዊ ውይይት ነው፤ ብልሽት አይደለም።

ወደ ፒዲኤፉ ልመለስ። የቆየ ፋይል ላፕቶፑ ላይ ስትነኪ ሰርቨሩ ላይ ከሌለ ላፕቶፑ የሚጠይቀው ስልክሽን ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ያንኑ ፒዲኤፍ መጀመሪያ ስልኩ ላይ ክፈቺው። ከተከፈተ፣ አፑን ስልኩ ላይ እንደተከፈተ፣ ስክሪኑም እንደበራ ተይውና ላፕቶፑ ላይ እንደገና ንኪው። አሁን ከወረደ፣ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ አፑን እያስተኛው ነበር ማለት ነው። ስልኩ ላይም ካልተከፈተ ግን ፋይሉ የለም። ላኪው እንደገና ካልላከው በስተቀር ላፕቶፑን ብትነቅዪ ብትተክዪ ለውጥ የለውም።

አባባ
ልጆች፣ የእኔም ችግር ይኸው ነው። በስልኬ የማነሳውን ፎቶ ጉግል ድራይቭ ላይ እጭናለሁ፤ ላፕቶፑ ላይ ግን ማታ ቤት ስገባ ነው የሚመጣው። ታዲያ ለእኔ ቴሌግራም ይሻለኛል?

ጥገና ቤት
አባባ፣ የእርስዎ ከእሷ ይለያል፤ አፕ መቀየርም የሚያስፈልግዎት አይመስለኝም። ማታ ቤት ሲገቡ መምጣቱ ራሱ ምልክት ነው። ስልክዎ ላይ የድራይቭ ሴቲንግ ውስጥ ፋይል በዋይፋይ ብቻ አስተላልፍ የሚል ምርጫ አለ፤ Transfer files only over Wi-Fi ተብሎ ተጽፏል። እሱ በርቶ ከሆነ ፎቶው ቀኑን ሙሉ ስልክዎ ውስጥ ተራ ይጠብቃል። ቢያጠፉት ወዲያው ይሄዳል፤ የሞባይል ዳታ ግን ይበላል። ፎቶ ብዙ የሚያነሱ ከሆነ እንዳለ ይተዉት እላለሁ።

በቴሌግራም ቢልኩት እንኳ እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑን ይቀንሰዋል። እንደ ፋይል አድርገው ካልላኩት ጥራቱ ይወርድብዎታል።

አባባ
በርቶ አገኘሁት። ተባረክ። ዳታዬ እንዳይበላ ትቼዋለሁ።

የሲግናል ሰው
ማንም ስለ ሲግናል አልተናገረም። ሰነድ ተርጓሚ፣ የምትተረጉሚው ውል፣ የሕክምና ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ሰነድ ከሆነ «ሁሉም ሰርቨሩ ላይ አለ» የሚለው ለአንቺ ጥሩ ዜና አይደለም። የቴሌግራም ተራ ውይይት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም፤ ቁልፉ በድርጅቱ እጅ ነው። እንዲያ የተመቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሲግናል ቀድሞ ላፕቶፕ ስታገናኚ ባዶ ገጽ ነበር የሚሰጥሽ። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ግን ስታገናኚ ስልኩ ይጠይቅሻል፤ እሺ ካልሽ ውይይቱን ይዞ ይሻገራል፣ ፋይልና ፎቶ ደግሞ የመጨረሻዎቹን 45 ቀናት። ጥያቄውን አልፈሽው ከሆነ ላፕቶፑን አላቅቀሽ እንደገና ማገናኘት ነው። እኔ ለሥራ የምጠቀመው እሱን ነው፤ በጣም ረክቻለሁ።

ጥገና ቤት
በቁልፉ ጉዳይ ልክ ብለሃል። ግን 45 ቀን ለተርጓሚ በቂ ነው ወይ? ደንበኛ ከስድስት ወር በኋላ «ያን ሰነድ አንዴ ላኪልኝ» ሲል አዲስ የተገናኘ ላፕቶፕ ላይ አታገኘውም፤ ወደ ስልኩ መመለስ ነው።

የሲግናል ሰው
ፋይሉን በደረሰበት ቀን ላፕቶፕ ላይ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ነዋ። የመልእክት አፕ መዝገብ ቤት መሆን የለበትም።

ጥገና ቤት
እሱ ለሚያደርገው ሰው ነው። የማያደርገው ይበዛል። እዚህ ላይ አንግባባም።

የማታ ተማሪ
ይቅርታ፣ እኔ ቴሌግራም ነው ያለኝ፤ ግን ላፕቶፕና ስልክ አልተገናኙም። ሁሉም እኩል ነው ስትሉ እንዴት ነው? ከስልክ የላክሁት ላፕቶፕ ላይ ዜሮ ነው።

ጥገና ቤት
ሁለቱም ላይ Saved Messages ክፈት። ከስልኩ አንድ ቃል ለራስህ ላክ። ከቃሉ ጎን ሰዓት ከታየ መልእክቱ ከስልኩ አልወጣም፤ ችግሩ የስልኩ ኢንተርኔት ነው። ራይት ከታየ ሰርቨሩ ጋ ደርሷል፤ ያኔ ላፕቶፑን እንጠረጥራለን። ላፕቶፑ ላይ ከላይ Connecting ይላል ወይስ ዝም ብሎ ነው?

የማታ ተማሪ
ስልኩ ላይ ራይት አለ። ላፕቶፑ ላይ ምንም አይልም፤ Saved Messages ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው ያለው፣ የማላስታውሳቸው የድሮ ሊንኮች።

ጥገና ቤት
እንግዲያው ላፕቶፑ የገባው በሌላ ስልክ ቁጥር ነው። ሴቲንግ ውስጥ ከስምህ አጠገብ ያለውን ቁጥር ከስልክህ ጋር አስተያየው።

የማታ ተማሪ
ወይኔ፣ የድሮ ሲሜ ነው! እግዜር ይስጥልኝ።

ሰነድ ተርጓሚ
ሞከርኩት። ሁለት ፒዲኤፎች ወሰድኩ። የመጀመሪያው ስልኩ ላይ ተከፈተ፤ አፑን ክፍት አድርጌ ላፕቶፑ ላይ ስነካው ወረደ። ሁለተኛው ስልኩም ላይ አልተከፈተም። ስቶሬጅ ሞልቶ ስልኩ ራሱ የሚያጸዳ አፕ ስላለው እሱ ነው የወሰደው ብዬ እገምታለሁ። ደንበኛው እንደገና እንዲልክልኝ ጠይቄያለሁ።

አንድ ሌላ ጥያቄ። ላፕቶፑ ላይ አንዳንዴ በመልእክቱ ፈንታ Waiting for this message የሚል ይመጣል። ይህስ?

ጥገና ቤት
እሱ የዋትስአፕ ጽሑፍ ነው። መልእክቱ ደርሷል፤ ላፕቶፑ ግን የሚከፍትበት ቁልፍ ገና አላገኘም። የላኪው ስልክ ኦንላይን ሆኖ እንደገና እስኪልክለት ይጠብቃል። ላኪውን አፕህን ክፈት በዪው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታል። አንዳንዱ ግን ቀናት ይቆያል፤ ያኔ ስልክሽ ላይ አንብቢው። ደግሞ ስልክሽን ከ14 ቀን በላይ ካልተጠቀምሽ የተገናኘው ላፕቶፕ በራሱ ይወጣል። ስልክ አስቀምጠሽ ላፕቶፕ ብቻ ይዘሽ ብዙ የምትቆዪ ከሆነ ዋትስአፕን አልመክርሽም።

ቶሎ መላሽ
ስለዚህ መጀመሪያ ያልኩት ቴሌግራም አሸነፈ ማለት ነው።

ሰነድ ተርጓሚ
ለግማሹ ሥራዬ አዎ። የማስታወቂያና የመመሪያ ጽሑፍ ወደ ቴሌግራም ይዞራል። የሕክምናና የፍርድ ቤት ሰነድ ወደ ሲግናል። የድሮውን ውይይት ግን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ጥገና ቤት
ከዋትስአፕ ወደ ቴሌግራም ይቻላል፤ ከ2021 ጀምሮ አለ። ስልኩ ላይ ውይይቱን ከፍተሽ Export chat ትያለሽ፤ ከፋይል ጋር የሚለውን ትመርጫለሽ፣ ከዚያ ከሚመጡት አፖች ውስጥ ቴሌግራምንና ሰውዬውን። መልእክቶቹ Imported የሚል ምልክት ይዘው ይገባሉ። ስልኩ ላይ የሌለ ፋይል አብሮ አይሄድም፤ ስለዚህ ከማጽጃው አፕ በፊት ቅደሚው። ሌላው፣ የገባው ነገር ለደንበኛውም ይታየዋል።

ሰነድ ተርጓሚ
እንግዲያው መጀመሪያ ደንበኞቹን አስፈቅጃለሁ። ማጽጃውን አፕ አሁኑኑ አጥፍቼዋለሁ።