ድምፅ ልላክላት ወይስ በጽሑፍ ልቀጥል?

እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ የወደድኳት ልጅ ሸዋ ሮቢት። የምናወራው በቴሌግራም፣ በጽሑፍ ብቻ ነው። «አንቺ ተንኮለኛ» ብዬ ስጽፍላት ቀልዱ ስድብ ይመስላል፤ በድምፅ ቢሆን ሳቄ ይሰማ ነበር። ለዚህ የ15 ሰከንድ ድምፅ ይበቃል፤ ቀን ላይ፣ እሷ ላለችው ነገር መልስ ሆኖ። «ናፍቀሽኛል»ን ማታ ዝግ ባለ ድምፅ መላክ ግን ገና በጊዜው ያልሆነ ይመስለኛል። ጽሑፍን ገረፍ አድርጎ ማለፍ ይቻላል፣ ድምፅ ግን እስኪያልቅ መሰማት አለበት። ቤተሰብ መሀል ብትከፍተውስ? (ብርዱ ድምፄን ማጎርነኑ ሳይቆጠር።)

አስቀድሜ «በድምፅ ልላክልሽ?» ልበላት ወይስ መጠየቁ ራሱ ነገሩን ያካብደዋል? ለድምፄ በጽሑፍ ብትመልስስ፣ አልወደደችውም ማለት ነው ወይስ ሰው አጠገቧ ስላለ?