«ነጭ ውሸት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የጦሳ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ የትርጉም ጽሑፍ እያረምኩ ግራ ገባኝ። አንዲት እናት ልጇ የሳለላትን ዝብርቅርቅ ሥዕል «ሲያምር!» ትለዋለች፣ ተርጓሚው «እናቱ ነጭ ውሸት ዋሸችው» ብሎ አስቀምጦታል። እንግሊዞቹ ሰው እንዳይከፋው ብለው የሚዋሿትን ትንሿን ውሸት ነጭ ነው የሚሏት፣ እሱም እንዳለ ገለበጣት። እኔ ግን ደሴ ሳድግ ሰው «ይሄማ ነጭ ውሸት ነው!» የሚለው ደሙ ፈልቶ ነበር። እናንተ ጋ እንዴት ነው?

ቦርከና፦ ነጭ ማለት ንጹሕ አይደል እንዴ? ስለዚህ ነጭ ውሸት ክፋት የሌለበት ውሸት ነው። ኮምቦልቻ ጓደኞቼም እንደዛ ነው የሚሉት፣ ተርጓሚው ልክ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ወንድሜ ቦርከና ግማሹን አግኝተኸዋል። ንጹሕ ማለቱ ልክ ነው፣ ንጹሕ የተባለው ግን ውሸቱ ነው እንጂ የዋሺው ልብ አይደለም፣ የእውነት ጠብታ እንኳ ያልገባበት ማለት ነው። «የነጣ ድሃ» ስንል ድህነቱ ጥሩ ነው ማለታችን ነው? ዓይን ያወጣ ውሸት ከሚለው ጋር አንድ ነው። አሁን አሁን ወጣቱ በእንግሊዝኛው ትርጉም መጠቀሙ እውነት ነው፣ ግን እናትህ ያቺን ዓረፍተ ነገር ብታነብ ሴትዮዋ ልጇን ያታለለች ነው የሚመስላት።

ሙጋድ፦ እኔንም ባለፈው ቤት ስከራይ ደላላው ነጭ ውሸት ዋሽቶኛል፣ ውሃ በየቀኑ ይመጣል ብሎ ገብቼ ሳየው በሳምንት አንዴ ነው፣ ኮሚሽኑን ማስመለስ ይቻላል ወይ?

የጦሳ ልጅ፦ ሙጋድ ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግን አባባልህን እዩልኝ፣ የድሮው ትርጉም ይቺው ናት። ታዲያ ለደጉ ውሸት ስም የለንም ማለት ነው?

ሰኞ ገበያ፦ ግስ አለን። ማባበል አለ፣ መሸንገል አለ። የምታባብለው ለሱ ብለህ ነው፣ የምትሸነግለው ግን ለራስህ የምትፈልገው ነገር ስላለ ነው። አፍ ላይ ያለው ቃል አንድ ሊሆን ይችላል፣ የሚለየው ለማን ተብሎ እንደተነገረ ነው።

የሐረጎዋ፦ ይቅርታ፣ እኔ የቃል ሰው አይደለሁም፣ ግን ይሄ «ለሱ ብለህ» የሚባለው ነገር ያመኛል። አባታችን ኮምቦልቻ ጠዋት ላይ ሲያርፍ ወንድሜ አዲስ አበባ ነበር፣ ደውለን «ትንሽ አሞታልና ና» አልነው። እሱም ትንሽ ከሆነማ ብሎ ሥራውን ጨርሶ በማግስቱ ነው የተነሳው። እኛ እዚህ ከአስር ሰላት በኋላ ቀበርነው። መናኸሪያ ስንቀበለው የጎረቤቶቹን ጋቢ አይቶ ነው ያወቀው። «አፈር ላለብሰው እችል ነበር፣ ማን ፈቀደላችሁ?» አለኝ፣ እስካሁንም አልወጣለትም። አክስቴ ደግሞ ደሴ ናት፣ ደም ግፊት አለባት፣ ለሷም ያንኑ ብለን አሳድረናት ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች ሄደው አረዷት። እሷ ግን እስከ ዛሬ ትመርቀናለች።

ቦርከና፦ ነፍስ ይማር እህቴ። ግን መርዶ እኮ ባህል ነው፣ ውሸት አይባልም።

ሰኞ ገበያ፦ አላህ ይዘንለት። ቦርከና፣ ባህል መሆኑ ውሸትነቱን አያጠፋውም፣ የሞተን ሰው «አሞታል» ነው ያልነው። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የተፈቀደ ተብለው የተነሱት ሦስት ናቸው፣ በጦርነት፣ ሰው ለማስታረቅ፣ በባልና ሚስት መካከል፤ መርዶ በስሙ የለበትም። ስለዚህ የሚጠነቀቁ ሰዎች «ቤት በአስቸኳይ ትፈለጋለህ፣ አሁኑኑ ተነስ» ይላሉ። እውነት ነው፣ መርዶውንም አላወጣም፣ ልጁንም ያስነሳዋል። የእናንተዋ «ትንሽ» ናት ያስቀረችው። አክስትሽ ግን ሴት ናትና ልማዳችን ሆኖ ቀብር አትወጣም ነበር፣ ያቺ ሌሊት የወሰደችባት ነገር የለም፣ ሲነጋም እንደሚነገራት ታውቆ ነበር።

የጦሳ ልጅ፦ ቋንቋችንም ይሄን ይዞታል መሰለኝ። ለቅሶ ቤት «ገና አልተረዳም» ስንል «አልተነገረውም» ማለታችን ነው፣ ያው ቃል «አልገባውም» ማለትም ነው። ያልተረዳ ሰው አንድ ቀን እንደሚረዳ እያሰብን ነው የምንደብቀው። ለሥዕሉ ግን «እንዳይከፋው ብላ አሞገሰችለት» ብዬ ልቀይረው ነው።

ቦርከና፦ ልጁ አድጎ ሠዓሊ ልሁን ቢልስ?

ሰኞ ገበያ፦ እሱን እኔም አልቋጨሁትም።

የሐረጎዋ፦ «ትፈለጋለህ» የሚለውን ያኔ ብንሰማው። ለአክስቴ ነገም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ለወንድሜ ግን አላደርገውም፣ ቢያለቅስም መንገድ ላይ ያልቅስ።